ጠባሳውንም ጻፉት

በ2017 መጋቢት ላይ ፎቶን ወደ ጃፓን ካርቱን የመቀየር ወረት ዓለምን ሲያጥለቀልቅ የእኛም ሰው የፕሮፋይል ፎቶውን በሳምንት ውስጥ ቀየረ። ወረቱ አለፈ፣ ልማዱ ግን ቀረ። አሁን ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ መጥሪያ ሳይቀር ፎቶ ወደ ሥዕል ይቀየራል። በዚህ ቅር አይለኝም። የማልስማማው «ፎቶውን ከሰጠሁት ሌላው የአፑ ሥራ ነው» ከሚሉት ጋር ነው። የሰውየውን መነጽር፣ የአንገት ክር፣ ጠባሳና ጠቃጠቆ በቃላት ካልጻፋችሁለት የሚመጣላችሁ ያማረ ሥዕል ነው፤ ግን የሌላ ሰው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። መሣሪያው ፎቶው ላይ ቀለም አይቀባም፤ ፎቶውን አይቶ ከባዶ እንደገና ይሥላል። ሲያየው ደግሞ ጨምቆ ነው፤ የፀጉር ቅርጽ፣ የፊት ቅርጽና የልብስ ቀለም ይተርፋሉ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ምልክት ግን በቀላሉ ትጠፋለች። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የሥዕል ዓይነት የራሱ የለመደው ፊት አለው። የካርቱን ፊት ትልልቅ ዓይን፣ ትንሽ አፍንጫና የተጠረገ ቆዳ ነው። ሥዕሉ ከፎቶው እየራቀ በሄደ ቁጥር መሣሪያው ከፎቶው የሚወስደው ይቀንሳል፣ ከለመደው ፊት የሚወስደው ይጨምራል። በቃላት የተጻፈ ነገር ግን እንደ ቆሻሻ አይጠረግም፤ «ይሄ ሥዕሉ ውስጥ መኖር አለበት» ተብሎ የታዘዘ ነገር ይሆናል።

አንዲት አሜሪካ የምትኖር ወዳጄ ጎንደር ላሉት እናቷ ስጦታ እንዲሆን ፎቷቸውን በካርቱን አሠራች። እናቷ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው፤ አንገታቸውም በረድፍ በረድፍ የተነቀሰ ነው። ጥቁር ማተብ አስረዋል፣ ቀጭን የብረት ፍሬም ያለው መነጽር አድርገዋል፣ የግራ ቅንድባቸውን አንድ የቆየ ጠባሳ ለሁለት ይከፍለዋል። ጉንጫቸው ላይ ደግሞ ጥቂት ጠቃጠቆ አለ። የመጣው ሥዕል አንገቱ ንጹህ፣ ቅንድቡ ሙሉ፣ ጉንጩ የተወለወለ፣ መነጽሩ ወፍራም ጥቁር ክብ ነበር። ማተቡ የወርቅ ሐብል ሆኗል። እናቷ በስልክ አይተው «ቆንጆ ናት፤ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

ሁለተኛው ሙከራ ብዙ ሰው የሚቆምበት ነው። «ንቅሳቱን፣ ማተቡን፣ ጠቃጠቆውንና ጠባሳውን አትርሳ» ብላ ጻፈች። ንቅሳቱ መጣ፤ ግን የዘመኑ አበባ ሆኖ። ማተቡ ጨሌ ሆነ። ጠቃጠቆው ከግንባር እስከ አገጭ ተዘራ። ጠባሳው ከቅንድብ እስከ ጉንጭ የወረደ ቀይ መስመር ሆኖ እናትየዋን የፊልም ሽፍታ አስመሰላቸው። የነገሩን ስም መጥራት አይበቃም ማለት ነው። መሣሪያው «ንቅሳት» ሲባል አብዝቶ ያየውን ንቅሳት፣ «ጠባሳ» ሲባል አብዝቶ ያየውን የፊልም ጠባሳ ያመጣል። ያ ደግሞ የጎንደር እናት አንገት አይደለም።

ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ዓይናችሁ የሚያየውን ጻፉ፦ የት እንዳለ፣ ምን ቅርጽ እንዳለው፣ ምን ቀለም እንደሆነ፣ ከምን እንደሚበልጥና ከምን እንደሚያንስ፣ ስንት እንደሆነ። እኔና ወዳጄ በሦስተኛው ሙከራ የጻፍነው እንዲህ ነበር፦

«አንገቷ ላይ ከአገጭ በታች ጀምሮ ዙሪያውን የሚሄዱ አራት ረድፍ ቀጫጭን ሰማያዊ አረንጓዴ መስመሮች አሉ፤ ቆዳ ውስጥ የገቡ ናቸው፣ ጌጥ አይደሉም። ግንባሯ መሀል ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ተመሳሳይ ቀለም ያላት መስቀል አለች። አንገቷ ላይ ምንም ያልተንጠለጠለበት ጥቁር የጥጥ ክር ታስሯል። በሥዕሉ ቀኝ በኩል ያለው ቅንድብ ከመሀሉ ትንሽ ወደ ውጭ በቀጭን ክፍተት ተቋርጧል፤ ክፍተቱ ከቆዳዋ ትንሽ የፈካ ነው፣ ቁስል አይደለም። መነጽሯ ቀጭን ወርቃማ የብረት ፍሬም፣ አራት ማዕዘን፣ ማዕዘኖቹ የተለዘቡ ነው። ከዓይኖቿ ሥር ስድስት ወይም ሰባት የደበዘዙ ነጠብጣቦች አሉ፤ ሌላ ቦታ የሉም።»

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የእናትየዋ ግራ ቅንድብ በሥዕሉ ላይ በቀኝ ነው። «ግራ» ብላችሁ ብቻ ብትተዉት መሣሪያው የማንን ግራ እንደሚወስድ አታውቁም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በሥዕሉ በኩል ጻፉት። በስልክ ፊት ካሜራ የተነሳ ፎቶ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ስልክ ገልብጦ ስለሚያስቀምጥ፣ መጀመሪያ ሰውየውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ጠቃጠቆን ቁጠሩት፣ ወሰንም አብጁለት። በፎቶ ላይ አርባ ቢሆንም በካርቱን ሰባት ይበቃል። የካርቱን መስመር ወፍራም ስለሆነ አርባው ቢገባ ፊቱ የነብር ቆዳ ይመስላል። ሦስተኛ፣ ነገሩ ምን እንዳልሆነ ንገሩት። «ቁስል አይደለም»፣ «ጌጥ አይደሉም» የሚሉት ቃላት ትርፍ ይመስላሉ፤ ግን ጠባሳውን ከሽፍታነት፣ ንቅሳቱን ከሐብልነት ያዳኑት እነሱ ናቸው።

መነጽር ለብቻው ይነገርለት። ሰዎች ቀላሉ እሱ ይመስላቸዋል፤ ለእኔ ከሁሉም አታላዩ ነው፤ ምክንያቱም ጨርሶ አይጠፋም፣ ይለወጣል እንጂ። ካርቱኑ ዓይን ሲያሳድግ ፍሬሙም አብሮ ያድግና ቅንድቡን ይሸፍናል። በእኚህ እናት ላይ ቅንድቡ ከተሸፈነ ጠባሳውም አብሮ ሄደ። ስለዚህ «የፍሬሙ የላይኛው ጠርዝ ከቅንድብ በታች ይቁም፣ መስታወቱ ጥርት ያለ ይሁን» የሚል ጨመርንበት።

ሁሉንም እጻፋለሁ ማለትም አያዋጣም። ከአምስት ስድስት ምልክት በላይ ሲደረደር መሣሪያው ወይ የተወሰነውን ይጥላል ወይ ሁሉንም ያጋንናል። የትኛው ይቅደም ለሚለው የእኔ ፈተና ቀላል ነው፤ ፀጉሩና ልብሱ ተሸፍኖ ዘመድ ፊቱን ቢያይ በምን ይለየዋል? እሱ ይቅደም። የወዳጄ እናት የወርቅ ሎቲም ነበራቸው፤ እሱን ተውነው።

ሥዕሉ ሲመጣ ከጽሑፉ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ «ደስ ይላል» ብላችሁ አትለፉት። እኛ ዘንድ ከስድስቱ አምስቱ ተገኙ፣ ጠባሳው ግን ወደ ሌላው ቅንድብ ዞረ። እንዲህ ሲሆን «ይሄን ብቻ አስተካክል፣ ሌላውን አትንካ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን እርማት በእርማት ላይ ሲደራረብ ፊቱ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ከሁለት ከሦስት እርማት በኋላ ከዋናው ፎቶ እንደገና መጀመር ይሻላል።

አንድ የሚያከራክረኝ ሰው አውቃለሁ፤ «ጠባሳ ማሳመሪያ ነው እንዴ? ቢጠፋስ ምን ጎደለ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በልጅነቷ ሳትጠየቅ የተነቀሰች፣ ዛሬ ንቅሳቷን በሻሽ የምትሸፍን እናት አለች። ማድያቱ እንዲሳልለት የማይፈልግም ሞልቷል። ታዲያ ይሄን መወሰን ያለበት የፊቱ ባለቤት ነው እንጂ መሣሪያው አይደለም። መሣሪያው ሳይጠየቅ ሲያጠፋው ማንም አልወሰነም።

ወዳጄ ዘግይታም ቢሆን እናቷን ጠየቀች። ንቅሳቱ ይሁን፣ ጠባሳውም ይሁን አሉ፤ መነጽሩ ግን ይውለቅ። «እሱ የሐኪም ነው፣ የእኔ አይደለም» ብለው። ይሄ ደግሞ ሌላ ሥራ አመጣ፤ ከመነጽር ጀርባ ያለውን ዓይንና የዓይን ሥር መሣሪያው ከሐሳቡ ይሞላዋል። አሁን ልጆቹ ሁሉ ያለ መነጽር የተነሱትን ፎቶ ፍለጋ የድሮ አልበም እያገላበጡ ነው።