ልጆቹን ነው ባንኩን ነው የምናስመርቀው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ባለፈው ዓመት እዚህ ደብረ ታቦር አሥራ አራት ልጆች ቁርኣን ሐፍዘው የምርቃት ፕሮግራም አዘጋጅተን ነበር። ኢማማችን መድረኩን እንድመራ አዘዙኝ። የድንኳኑን ኪራይና ለልጆቹ የሚሰጠውን ሙስሓፍ የሸፈነልን አንድ ባንክ ነው። ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል አንድ ወረቀት እጄ ላይ ተቀመጠ፤ «ስፖንሰራችን ናቸው፣ ይህን አንብብላቸው» ተባልኩ። አነበብኩ። የባንኩን ካፒታል፣ የቅርንጫፎቹን ብዛት፣ የሒሳብ ዓይነቶቹን፣ ለሐጅ እንዴት እንደሚቆጠብ፣ በመጨረሻም «ዛሬውኑ ሒሳብ ይክፈቱ» የሚለውን ሳይቀር አነበብኩ። ሞቅ እንዲል ብዬም «ተክቢር!» አልኩ። ሕዝቡ ደከም ባለ ድምፅ «አላሁ አክበር» አለ።

ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። መክፈቻውን ሊቀራ ማይክራፎኑ አጠገብ የቆመው ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ እንደቆመ ነበር። በኋላ ዙህር ደረሰብንና የሁለት ልጆችን ቂራኣት ሰረዝን። ከሶላት በኋላ ልጃቸው የተሰረዘባቸው አንድ አባት መጡ። ከጉና ግርጌ በሌሊት ተነስተው የመጡ ገበሬ ናቸው። ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ልጆቹን ነው ባንኩን ነው ያስመረቅኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳብላላው ቆየሁ። አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ስፖንሰር ሚባለውን ስም አለመጥራት ነው» ይላሉ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም የሚለው ትምህርት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመጣ ነው። ለተቡክ ዘመቻ ጦሩን ያስታጠቁትን ዑስማንን (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰው ፊት ከፍ ባለ ቃል አወድሰዋቸዋል። ስለዚህ ሰጪን በስሙ ጠርቶ ማመስገን ነውር የለውም። ነውሩ ያለው ምስጋናው ወደ ሌላ ነገር ሲዞር ነው።

መቼ እንደሚዞር የምናውቅበት ቀላል መንገድ አለ፤ ግሱን ማየት ነው። ምስጋና የሚናገረው ስለተደረገ ነገር ነው፦ «ሸፈኑልን፣ ሰጡን፣ መጡልን»። ፊቱም ወደ ሰጪው ነው። ማስታወቂያ ግን ፊቱን ወደ ታዳሚው አዙሮ «ክፈቱ፣ ቆጥቡ፣ ጎብኙ» ይላል። እኔ ያነበብኩት ወረቀት ላይ ባንኩ ለኛ ስላደረገው አንድም መስመር አልነበረም። ሁሉም እኛ ለባንኩ ማድረግ ስላለብን ነበር። ስለ ሙስሓፉ እንኳ አላነሳሁም! ዘጠኝ ደቂቃ ተናግሬ ሳላመሰግን ወረድኩ ማለት ነው።

በኛ ማኅበረሰብ ነገሩ የሚከብድበት ሌላ ምክንያትም አለ። ከወለድ ነፃ ባንክ ለማየት ብዙ ዓመት ጠብቀናል። ብሔራዊ ባንክ መጀመሪያ የፈቀደው ነባሮቹ ባንኮች አገልግሎቱን በመስኮት እንዲሰጡ ብቻ ነበር፤ ራሱን የቻለ ከወለድ ነፃ ባንክ እንዲቋቋም በሩ የተከፈተው በ2011 ዓ.ል ነው። ከዚያ ዘምዘም በ2013 ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራም ተከተለ። ነባሮቹም መስኮቶቻቸውን አስፍተዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ግን ይህ ደስታ መድረክ መሪውን ከልኩ ያሳልፈዋል። «የኛ ባንክ ነው፣ ሐላል ነው፣ ገንዘባችሁን ከሐራም አውጡ» ማለት ይጀምራል። ይህ ማስታወቂያ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ፈትዋ ይሆናል። አንድ ውል ሸሪዓን የጠበቀ ነው አይደለም የሚለውን የሚመረምሩ የሸሪዓ አማካሪ ዑለሞች አሉ። እኔ ማይክራፎን ስለያዝኩ ያን ሥልጣን አላገኘሁም። ጥምጣም አድርጌ፣ ከቁርኣን ቂራኣት አጠገብ ቆሜ የምናገረውን እናቶቻችን እንደ ባንክ ወሬ አይሰሙትም፤ እንደ ዲን ይሰሙታል። «ተክቢር» ማሰኘትም እንዲሁ ነው። የአላህን ታላቅነት የምናውጅበት ቃል ለቅርንጫፍ ብዛት ማጨብጨቢያ ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ዘንድሮ ደግመን ስናዘጋጅ ፕሮግራሙ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ባንኩ ሄድኩ። መድረክ ላይ ወረቀት ከመጣ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለምና መነጋገር ያለብን ቀድሞ ነው። ሥራ አስኪያጁ ክርስቲያን ወንድማችን ነው። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቀና «እኔም ያን ወረቀት ስትጨርሰው አፍሬ ነበር፤ ከላይ የተላከ ነው እንጂ እኔ አልጻፍኩትም» አለኝ። ከዚያ የሚያስፈልገውን ነገረኝ። ወጪው በምን ላይ እንደዋለ ለበላዮቹ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ለዚያ የሚሆነው የባነሩ ፎቶና ማኅተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ ነው። የኔ ዘጠኝ ደቂቃ ንባብ ለሪፖርቱ ምንም አይጠቅመውም።

ይህ ብዙ ነገር ፈታልን። በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተስማማን። የባንኩ ባነር ድንኳኑ መግቢያ ላይ ይሰቀላል። በራሪ ወረቀት ማደል ከፈለጉ ከግቢው በር ውጭ ጠረጴዛ ይኖራቸዋል። መስጂድ ውስጥ ግን ባነርም በራሪ ወረቀትም አይገባም፤ መስጂድ ውስጥ መሸጥና መግዛት በሐዲሥ የተከለከለ ስለሆነ ደንበኛ መሰብሰብም ከዚያ ደጃፍ ቢርቅ ይሻላል። ከመድረክ ምስጋናው አንድ ጊዜ ይነገራል፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በማግሥቱ እናደርሳለን።

ምስጋናው ከመክፈቻው ቂራኣት በኋላ፣ እንግዶች ሲተዋወቁ፣ ከመጀመሪያው ንግግር በፊት ነበር። ጽፌ የያዝኩት ይህን ነው፦

«ለዛሬው ፕሮግራም የድንኳኑን ኪራይና ለልጆቻችን የሚሰጠውን ሙስሓፍ የሸፈነልን እገሌ ባንክ ነው። ባንኩን ወክለው ከመካከላችን የተገኙት የደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አቶ እገሌ ናቸው። ምሳውን በጉልበታቸውና በእህላቸው ያዘጋጁት የልጆቻችን እናቶች ናቸው፤ ድንቹን የላኩልን የፋርጣ ገበሬዎች ናቸው። ሁላችሁንም በጀመዓውና በተማሪዎቹ ስም እናመሰግናለን፤ አላህ መልካሙን ይመንዳችሁ።»

ተረጋግቶ ለሚያነብ ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደገባ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የተሰጠውን ነገር በስሙ ይጠራል። «ከፍተኛ ድጋፍ ያደረገልን» ብንል ወይ እናጋንናለን ወይ እናድበሰብሳለን። «ያለ እነሱ ይህ ቀን አይኖርም ነበር» ማለትም ውሸት ነው፤ ልጆቹ ዓመታት የለፉት ያለ ድንኳን ነው። በሰው ፊት ማወደስን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንገት ከመቁረጥ ጋር አመሳስለውታል። ድንኳንን ድንኳን፣ ሙስሓፍን ሙስሓፍ ማለት ከዚህ ያድናል።

ሁለተኛው ሰጪውንና ወኪሉን ይለያል። ገንዘቡ የባንኩ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ከኪሱ አላወጣም። እሱን «ባለውለታችን» እያሉ ማሞገስ ራሱን ሰውየውን ያሳፍረዋል። የሱ ድርሻ ሥራውን ትቶ መምጣቱ ነውና ለመምጣቱ ይመሰገናል። ስምና የሥራ መደቡንም ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ በመጨረሻ ሰዓት ሌላ ሰው ተወክሎ ሊመጣ ይችላል። ያልመጣን ሰው «ብድግ ይበሉልን» ማለት ለሁለቱም ወገን ዕፍረት ነው።

ሦስተኛው ያለፈው ዓመት ትልቁ ጉድለቴ ነበር። ባንኩን ብቻ ስጠራ እናቶቹና ገበሬዎቹ ምንም ያልሰጡ ሆኑ። እንዲያውም በኒያ ካየነው ነገሩ ይገለበጣል። ስፖንሰር የሚሰጠው ከማስታወቂያ በጀቱ ነው፤ ስሙ እንዲታይ ውል ገብቶ ነው፤ ይህ በራሱ ሐራም አይደለም፣ ግን ልውውጥ ነው። ድንቹን የላከው ገበሬ ግን ባነር አልጠየቀም። ለአላህ ብሎ የሚያበላ ሰው ዋጋም ምስጋናም እንደማይፈልግ ቁርኣን ይነግረናል፤ እሱ ባይፈልግም እኛ መርሳት የለብንም።

አራተኛው ዱዓ ነው፤ ሆን ብዬ በአማርኛ አደረግኩት። «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ማለት ሱና ነው፤ ለሚያውቀው ታላቅ ምስጋና ነው። ነገር ግን እንግዳው የማይገባው ቃል ከሆነ መመስገኑን ሳያውቅ ይቀመጣል።

አንድ ወንድም «እንዲህ ካጠበቅን ከርሞ አይመጡም» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ሁሉም ባንክ እንደዚህ ሥራ አስኪያጅ አይሆንም፤ «ካላነበባችሁልን አንሰጥም» የሚልም ይኖራል። ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ገንዘቡን ትቶ ያለ ድንኳን ግቢው ውስጥ ማስመረቅ ነው። ሌላው ማስታወቂያውን ከፕሮግራሙ መጨረሻ ወስዶ፣ ከመስጂድ ውጭ፣ «አሁን የስፖንሰራችንን ማስታወቂያ እናሰማለን» ብሎ በስሙ ጠርቶ ማቅረብ ነው። ማስታወቂያ ማስታወቂያ ከተባለ ማንንም አያታልልም። የማይሆነው ማስታወቂያን ምስጋና ብሎ፣ ጥምጣም አልብሶ ማቅረብ ነው።

ዘንድሮ መሐል ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ከታች ተላከልኝ፤ «ባንኩን ድገመው» ይላል። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ልጆቹ ሁሉም ቀርተው ከዙህር በፊት ጨረስን። ሥራ አስኪያጁም ሲወጣ ጨብጦኝ የጠየቀኝ ስለ ባነሩ አልነበረም። ያ መጨረሻ ላይ የቀራው ትንሹ ልጅ የማን እንደሆነ ነበር።

አላህ ንግግራችንን ከሪያእ ያጥራልን፤ የሰጡንን ሁሉ ከምናውቀው በላይ ይመንዳልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።