የጠላቂዎች ሰዓት ቀለበት ስለምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል?

አንድ መሣሪያ ፈጽሞ እንዳይሳሳት ማድረግ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ቢሳሳት ወደየትኛው ወገን እንደሚያጋድል ግን አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። የባሕር ጠላቂዎች የእጅ ሰዓት ይህን በሚገባ ያሳያል ብለን እናምናለን።

በሰዓቱ መስታወት ዙሪያ እስከ 60 ደቂቃ የተከፈለ፣ በእጅ የሚዞር ቀለበት አለ። ጠላቂው መውረድ ሲጀምር የቀለበቱን የዜሮ ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጫፍ ጋር ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው በቀለበቱ ላይ የሚያመለክተው ቁጥር ያለፈው ጊዜ ነው፤ መደመርም መቀነስም አያስፈልግም።

ጊዜው የሚቆጠረው ስለ አየር ብቻ አይደለም። በጥልቀት ግፊት ስለሚጨምር ከሚተነፈሰው አየር ናይትሮጅን በደምና በሕብረ ሕዋሳት ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ከገደቡ በላይ ቆይቶ በቀጥታ ቢወጣ ጋዙ አረፋ ሆኖ አካሉን ሊጎዳ ይችላል። በመዝናኛ ጠላቂዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው የፓዲ ሠንጠረዥ ለ30 ሜትር ጥልቀት የሚፈቅደው 20 ደቂቃ ነው።

ቆጣሪው 10ኛው ደቂቃ ላይ ሳለ ጠላቂው መውረድ ጀመረ እንበል። ቆጣሪው 30 ላይ ሲደርስ ገደቡ ይሞላል። ሆኖም ቀለበቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሰዓቱ በሚዞርበት አቅጣጫ አምስት ደቂቃ ቢንሸራተት፣ የዜሮ ምልክቱ 15 ላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ንባቡ 15 ብቻ ስለሚሆን ጠላቂው አምስት ደቂቃ የቀረው ይመስለዋል። ወደ ተቃራኒው ቢንሸራተት ግን ምልክቱ 5 ላይ ያርፋል፤ ንባቡ 20 የሚሆነው ገና በ15ኛው ደቂቃ ነው። ጠላቂው አምስት ደቂቃ ያጣል እንጂ አይጎዳም።

በ1953 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው የመጀመሪያው የሮሌክስ ሰብማሪነር ቀለበት በሁለቱም አቅጣጫ ይዞር ነበር። ኋላ ላይ ከቀለበቱ ሥር በአንድ ወገን የተንጋደዱ ጥርሶችና የሚጫናቸው ስፕሪንግ ተደረጉ። ስፕሪንጉ በተንጋደደው ወገን ላይ እየተንሸራተተ ያሳልፋል፤ በቀጥ ያለው ወገን ግን ተደግፎ ያግዳል። ቀለበቱ ሲዞር የሚሰማው «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው ድምፅ ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ ወሰን አለው። ጠላቂው ሲወጣ በ5 ሜትር ጥልቀት ለሦስት ደቂቃ የሚያደርገውን የጥንቃቄ ቆይታ በዚያው ቀለበት ቢለካ፣ ያው መንሸራተት ጊዜው ሳይሞላ እንዲወጣ ያደርገዋል። ቢበዛ መቆየት የሚገባንን ጊዜ ስንለካ የሚጠብቀን ስሕተት፣ ቢያንስ መቆየት የሚገባንን ስንለካ ይከዳናል ማለት ነው።

ዛሬ አብዛኞቹ ጠላቂዎች ኮምፒዩተር ይዘው ይወርዳሉ፤ ሰዓቱም መጠባበቂያ ሆኗል። ቢሆንም ስለማንኛውም መሣሪያ አስተማማኝነት ሲነገረን «ለየትኛው ጥያቄ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል እንላለን።