ሁሉን የምትችል ሞግዚት

ልጄ ሦስተኛዋን ሞግዚት ለመቅጠር ስትዘጋጅ የጻፈችውን ወረቀት አሳየችኝ። «ልጅ የምትወድ፣ ንጹሕ፣ ሕፃኑን በሚገባ የምትንከባከብ፣ ቤት ውስጥ የምታግዝ፣ ሌሎች የምትታዘዛቸውንም ሥራዎች የምትሠራ» ይላል። እኔም ጡረታ እስክወጣ በሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ስንቱን እንዲህ ያለ የሥራ ዝርዝር አይቻለሁ!

ሁለተኛዋ ሞግዚት የሄደችው እንጀራ ስትጋግር የስምንት ወሩ የልጅ ልጄ እየዳኸ ምጣዱ አጠገብ በመድረሱ ተቆጥተናት ነው። እግዚአብሔር አተረፈው። ግን «ቤት አግዢ» ያልናትም፣ «ዓይንሽን ከልጁ አትንቀዪ» ያልናትም እኛው ነን።

እናም ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን እያንዳንዱን ቃል «ምን ታደርጋለች? መቼ? መሠራቱን በምን እናውቃለን?» እያልን ጠየቅን። «ልጅ የምትወድ» የሚለው ሥራ ሳይሆን ጠባይ ነው፤ ከወረቀቱ አውጥተን ከመቅጠራችን በፊት ግማሽ ቀን አብረናት ውለን የምናየው አደረግነው። «ንጹሕ» የሚለው «ከማብላቷ በፊትና ዳይፐር ከቀየረች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠባለች» ሆነ። «በሚገባ የምትንከባከብ» የሚለው ደግሞ «በ4፣ በ7 እና በ10 ሰዓት ታበላዋለች፤ ካተኮሰው መድኃኒት ሳትሰጥ ለእናቱ ትደውላለች» ተባለ።

ከዚያ ሰዓቱን ደመርን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጁ በቀን ሁለቴ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይተኛል። ከዚህ ላይ ለምሳዋና ለእረፍቷ አንድ ሰዓት ስንቀንስ፣ እጇ ነፃ የሚሆነው ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ይህ የልጁን ልብስና ዕቃ ለማጠብ ይበቃል። እንጀራ ግን አይገባበትም፤ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ ልትጋግር ተስማማች።

«ሌሎች የምትታዘዛቸው» የሚለውን ጨርሶ መሰረዝ አልቻልንም፤ ቤት ውስጥ ያልታሰበ ነገር አይጠፋም። አጠር ግን አበጀንለት፦ ልጁ ተኝቶ ሳለ ብቻ፣ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ፣ የምታዘውም እናቱ ብቻ። አያትም አታዝም! ይህቺን ስጽፍ እጄ ትንሽ ከበደኝ።

አዲሷ ልጅ ስትመጣ ወረቀቱን አነበብንላት። ዝም ብላ ሰምታ፣ «እትዬ፣ አልተኛም ያለ ቀንስ ልብሱን መቼ ላጥበው?» አለችኝ። እኛ ሁለታችን ያላሰብነው ነበር። ብዕሩን አንስቼ ጨመርኩ፦ «ያልተኛ ቀን እጥበቱ ለማግስቱ ያድራል።»