ካርታው ከመራጩ ቀድሞ ሲወስን

እ.ኤ.አ. በ2013 በማሌዥያ በተካሄደው አጠቃላይ ምርጫ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ከመራጩ ድምፅ 51 በመቶ ያህሉን አገኘ። ገዥው ጥምረት ባሪሳን ናሽናል ያገኘው 47 በመቶ ያህል ነበር። ሆኖም ከ222ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 133ቱን የወሰደው ገዥው ጥምረት ነው። በወቅቱ ስለ ድምፅ አሰጣጡ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ድምፅ በትክክል ቢቆጠር እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት ሊያስከትል የሚችል ነገር ነበር፤ እርሱም የምርጫ ክልሎች ካርታ ነው።

ካርታ ድምፅን የሚያዛባው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የመራጮች ቁጥር አለመመጣጠን ነው። በዚያ ምርጫ የተመዘገበው መራጭ ለ222 ቢካፈል ለአንድ መቀመጫ 60,000 ገደማ ይደርሰው ነበር። ነገር ግን በስላንጎር ግዛት በምትገኘው ካፓር ከ144,000 በላይ መራጮች አንድ ተወካይ ሲመርጡ፣ በአስተዳደር ከተማዋ ፑትራጃያም ከ16,000 ያነሱ መራጮች አንድ ተወካይ መርጠዋል። የፑትራጃያ ነዋሪ ድምፅ የካፓርን ነዋሪ ድምፅ ዘጠኝ እጥፍ ያህል መዘነ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የድንበር ማጣመም ነው። ይህ ቁጥሩ እኩል በሆነ ክልል ውስጥም ይሠራል። 500 መራጮች በአምስት እኩል ክልሎች ተከፍለዋል እንበል፤ 300ዎቹ የአንድ ፓርቲ፣ 200ዎቹ የሌላው ደጋፊዎች ናቸው። ካርታ ሠሪው ከብዙኃኑ ደጋፊዎች 180ውን በሁለት ክልሎች፣ በእያንዳንዱ 90 አድርጎ ያጭቃቸዋል። የቀሩትን 120 በሦስቱ ክልሎች 40፣ 40 አድርጎ ይበትናቸዋል። በሦስቱም ክልሎች ተቃራኒው ወገን 60 ለ40 ያሸንፋል። አናሳው ሦስት መቀመጫ፣ ብዙኃኑ ሁለት መቀመጫ ያገኛሉ፤ አንድም ድምፅ ግን አልተሰረቀም።

ማሌዥያ እዚህ የደረሰችው በአንድ ቀን አይደለም። የ1957ቱ ሕገ መንግሥት የክልሎች መራጭ ቁጥር ከአማካዩ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ደንግጎ ነበር። በ1962 የገጠር ክልል የከተማውን ግማሽ ያህል መራጭ ብቻ ቢኖረውም እንዲፈቀድ ተሻሻለ። በ1973 ደግሞ ያ የመጨረሻ ገደብ ራሱ ተነሣ። ምርጫ ኮሚሽኑ የሚያቀርበውን ካርታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሻሽሎ ወይም እንዳለ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ለማጽደቅም የአባላቱ ግማሽ ድምፅ ይበቃል። በካርታው የተጠቀመው ወገን ቀጣዩን ካርታ የማጽደቅ ሥልጣን አለው ማለት ነው።

ለገጠር ክብደት መስጠት በራሱ ጥፋት አይደለም። መንገድ በሌለበት ሰፊ ክልል የሚኖር ሕዝብ ተወካዩን ለማግኘት ይቸገራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 54 አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ይጠብቃል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ይህኛው ብልጫ ለማንና ለስንት እንደሆነ በሕግ ላይ ተጽፎ ይታያል። ፑትራጃያ ግን ገጠር አይደለችም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መቀመጫ ናት።

ድምፅና መቀመጫ አለመመጣጠናቸው ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም። አብላጫ ያገኘ ብቻ በሚያሸንፍበት ሥርዓት፣ ደጋፊዎቹ በከተማ የተከማቹበት ፓርቲ ማንም መስመር ባያጣምምበትም ድምፅ ይባክንበታል። መጠርጠር ያለበት ለውጦቹ ደጋግመው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ ነው። በ2018 በጸደቀው ካርታ፣ ቀድሞም የተቃዋሚዎች ምሽግ የነበረው ሰሜን ፔታሊንግ ጃያ ዳማንሳራ ተብሎ ከ85,000 ገደማ ወደ 150,000 መራጮች አበጠ። ተቃዋሚው እዚያ ከ100,000 በሚበልጥ ልዩነት አሸነፈ። ያ ሁሉ ትርፍ ድምፅ ግን አንዲት ተጨማሪ መቀመጫ አላስገኘም።

በዚያው ዓመት ገዥው ጥምረት ወደ 34 በመቶ ወርዶ ከነጻነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን ለቀቀ። ይህ ካርታ ሁሉን ቻይ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ካርታው ፍትሐዊ ነበር ለማለት ግን አይበቃም። ግድብ በታላቅ ጎርፍ መፍረሱ በሌላው ጊዜ ውኃ አላገደም አያሰኝም። በ2013 ከግማሽ በላይ የሆነው መራጭ ያላገኘውን ለውጥ ለማግኘት ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ማዕበል አስፈልጓል። የመንግሥት ለውጡም ቢሆን ካርታውን አላስተካከለም፤ በ2022 ባንጊ ከ300,000 በላይ መራጮች ሲኖሯት ኢጋን ከ30,000 በታች ነበሯት።

ስለዚህ መድኃኒቱ መንግሥት መቀየር ብቻ አይደለም። ከአማካዩ የሚፈቀደው ርቀት በቁጥር ተወስኖ ወደ ሕገ መንግሥቱ ሊመለስ፣ መስመር የማስመር ሥልጣንም በዚያው መስመር ከሚወዳደሩት እጅ ሊወጣ ይገባል። ዳኛውን ተፎካካሪው ከመረጠው፣ ውድድሩ ሳይጀመር ዳኝነቱ አልቋል።