«በአስቸኳይ» ቀነ ገደብ አይደለም

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «በሴፍቲኔት የታቀፉ ነፍሰ ጡር እናቶችን መረጃ በአስቸኳይ እንድትልኩልን እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር»። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግልባጭም አለው። የጻፈውን ቢሮ አልጠራም፤ ኩታበርም ሆነ ሌላ ወረዳ የሠራ ሰው ደብዳቤውን በቃሉ ያውቀዋል።

ከጤና በኩል መልስ መጣ፦ በየቀበሌው አንድ አንድ ቁጥር፣ በወረቀት ተጽፎ፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ። ጠያቂው «ጤናዎች መረጃ አይሰጡም» ብሎ በስብሰባ ከሰሰ። እኔ ግን ጥፋተኛው ጠያቂው ነው እላለሁ። የተጠየቀው «መረጃ» ነው፤ ድምር ቁጥርም መረጃ ነው።

ለምን እንደተፈለገ እንይ። በሴፍቲኔት ደንብ ነፍሰ ጡር እናት ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ የቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ለዚህ ስም ያስፈልጋል። «ቀበሌው 14 እናት አለው» የሚል ቁጥር አንዲትንም ሴት ከእርከን ሥራ አያወጣም። ቢሮዎች ሲካሰሱ ድንጋይ የምትሸከመው እሷ ናት።

ታዲያ ደብዳቤው ምን ማለት ነበረበት? መጀመሪያ ዓምዶቹን መዘርዘር፦ የእናቲቱ ስም ከነአያት፣ የአባወራው ስም፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የተጠቃሚነት መለያ ቁጥር፣ የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል ቀን። ከዚህ ውጭ የጤና ምስጢሯን አትጠይቁ፤ ዝርዝሩም በቴሌግራም ግሩፕ አይለቀቅ።

ቀጥሎ ቅርጹ። ባዶ የኤክሴል ሠንጠረዥ አያይዙ፣ ለአንዲት እናት አንድ ረድፍ። ቀን፣ ወር እና ዓመት በሦስት ዓምድ ይለያዩ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ሌላውን ግን በአብዛኛው ቀን ነው ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል አስተካክል ስትሉት ይዘባረቃል።

ሦስተኛው ጊዜው ነው፤ እሱም ሁለት ነው። አንደኛው መረጃው የሚሸፍነው ጊዜ። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው። «የጥር» ስትሉ እነሱ ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 20 ይልካሉ፤ እናንተ እስከ ጥር 30 ያለ ይመስላችኋል። ስለዚህ «እስከ ጥር 20 የተመዘገቡ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛው የመላኪያው ጊዜ፦ «ጥር 26፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ምክንያቱም ሪፖርታችን ጥር 30 ይወጣል»። መካከሉ ያሉት ቀናት የተደጋገመ ስምና የጎደለ መለያ ቁጥር ማጣሪያ ናቸው።

«ይህን ሁሉ ለመጻፍ ጊዜ የለንም» የሚል አይጠፋም። ያንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ በማስታወሻ ለመድገም ግን ጊዜ ነበራችሁ። ቀን ያልተቆረጠለት ጥያቄ ከጠረጴዛው ክምር ሥር ቢገባ ማን ይወቀስ?