እናቴ እጅ ስንት ይገባል?

ዱባይ ደመወዝ በገባ ማግስት ክፍላችን ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ ስንት ገባ?»። ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ስድስታችንም ስልካችን ላይ የዲርሃምና የብርን ግራፍ ከፍተን አልጋችን ላይ እንጋደማለን። አንዱ «ጠብቁ፣ ሊጨምር ነው» ይላል፤ ሌላው «እኔስ ልኬ ልገላገል» ይላል። እኔ ለረጅም ጊዜ ከጠባቂዎቹ ወገን ነበርኩ።

ይህ ልማድ የተጀመረው በሐምሌ 2016 ነው። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በአንድ ቀን ዶላር ከ57 ብር ተኩል ገደማ ተነስቶ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። አምስት ወር ሳይሞላ ደግሞ ከ120 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት 1,000 ዲርሃም የላከ አንድ ጓደኛችን ቤተሰቡ ያገኘው 15,600 ብር አካባቢ ነበር። ሰኞ ዕለት ቢልክ ኖሮ 20,000 ያልፍ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። ከዚያ በኋላ ሁላችንም «መጠበቅ ያዋጣል» የሚል ትምህርት ወሰድን።

ትምህርቱ ግን የተሳሳተ ነበር። ያ ዝላይ የመጣው ከፖሊሲ ለውጥ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ በግራፍ ላይ ቀድሞ አይታይም፤ በየወሩም አይመጣም። ከዚያ ወዲህ የምናየው በአብዛኛው በሳንቲም የሚንፏቀቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። ዲርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 3.6725 ዲርሃም ነው። የሳዑዲ ሪያልም እንዲሁ 3.75 ላይ ታስሯል። ስለዚህ ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ ሆነን ግራፍ ስናይ የሚንቀሳቀሰው ብሩ ብቻ ነው። የዱባይ ዜና ብትከታተሉ ለዚህ ጉዳይ ምንም አይጠቅማችሁም። አውሮፓ ወይም እስራኤል ያላችሁ ግን ሌላ ነው፤ ዩሮና ሰቅል ራሳቸው ከዶላር አንጻር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እናንተ የምታዩት መስመር የሁለት እንቅስቃሴዎች ድምር ነው።

ሁለተኛው የሚያታልለው ነገር የግራፉ መልክ ነው። ስልኩ ላይ 5D የሚለውን ስትነኩ ግራፉ የአምስት ቀኑን ትንሽ ልዩነት ስክሪኑ እስኪሞላ ይለጥጠዋል። የአሥር ሳንቲም ለውጥ የራስ ዳሸን ተራራ መስሎ ይታያል። 1Y ስትነኩ ያ ተራራ ይጠፋል። እኔ አሁን ልብ ሲመታ መጀመሪያ የማየው በግራ ወይም በቀኝ ጎን የተጻፈውን ቁጥር ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ገበያው ዝግ ስለሆነ ነው እንጂ ብሩ ስለተረጋጋ አይደለም።

ሦስተኛውና ኪስ የሚነካው ይህ ነው፤ ግራፉ ላይ ያለውን ዋጋ ማንም አይሰጣችሁም። ያ ቁጥር በመግዣና በመሸጫ መሃል ያለ ዋጋ ነው። አገር ቤት ያለ ባንክ ከእናንተ ዶላር የሚገዛ ስለሆነ እናንተን የሚመለከተው የመግዣው ዋጋ ነው፤ እሱም ዝቅ ይላል። ገንዘብ አስተላላፊውም የራሱን ይቆርጣል፤ ወይ በአገልግሎት ክፍያ፣ ወይ በምንዛሪው ውስጥ ደብቆ፣ ወይ በሁለቱም።

በምሳሌ እንየው። ግራፉ አንድ ዲርሃም 38.12 ብር ነው ይበል። 1,000 ዲርሃም 38,120 ብር መሆን ነበረበት። አንዱ ቤት «ያለ ክፍያ» ብሎ ለጥፏል፤ የሚሰጠው ምንዛሪ ግን 36.50 ነው። ቤተሰብ እጅ የሚገባው 36,500 ብር። ሌላው 15 ዲርሃም ያስከፍላል፤ ምንዛሪው 37.90 ነው። የቀረው 985 ዲርሃም በ37.90 ሲባዛ 37,331 ብር ይሆናል። «ነፃ» የተባለው ቤት 831 ብር በለጠ ወሰደ ማለት ነው። ግራፍ ሳያዩ፣ ሳይጠብቁ፣ ሁለት ቤት በመጠየቅ ብቻ የሚገኝ ገንዘብ ነው።

አሁን ይህን ከመጠበቅ ጋር አስተያዩት። አንድ ጊዜ እኔ የወር ወጪ ሳልክ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ዲርሃም 30 ሳንቲም ጨመረ። በ1,000 ዲርሃም 300 ብር ተረፈኝ፤ ለጓደኞቼም ኮራሁባቸው። ማታ ታናሽ እህቴ ደወለች።

«ወንድምዬ፣ ላክህ እንዴ?»

«ዛሬ ላክሁ። ጥሩ ዋጋ ጠብቄ ነው።»

ትንሽ ዝም አለችና «እማዬ እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር» አለች። የቤት ኪራይ ቀኑ አልፎ አከራይዋ ሲጨቀጭቁ እማዬ 8,000 ብር በአራጣ ተበድራ ነበር፤ በወር አሥር በመቶ። ወለዱ 800 ብር። እኔ 300 አተረፍኩ ስል ቤቱ 500 ከሰረ፤ እናቴ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለእኔ እንዳይሰማኝ ብላ ዝም አለች። ብሩን ልመልሰው እችላለሁ፤ ዝምታዋን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ ገንዘቤን ለሁለት ከፈልኩት። ለኪራይ፣ ለጤፍ፣ ለትምህርት ቤት የሚሆነው ደመወዝ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ይሄዳል፤ ግራፉ ምንም ይበል። እዚያ ያለው ወጪ ቀን አይጠብቅም። ለቤት መሥሪያ የማስቀምጠው ግን ሌላ ነው። አሁን የማያስፈልግ ገንዘብ ወደ ብር ተቀይሮ ቢቀመጥ የብሩ የመግዛት አቅም ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ በዲርሃም ይቆያል። ሲሚንቶ የሚገዛበት ቀን ሲደርስ ይላካል። መጠበቅ ትርጉም ያለው ለዚህ ብቻ ነው። ሲላክም ክፍያው በየአንዳንዱ ጊዜ የሚቆረጥ ከሆነ፣ በትንሽ በትንሹ ከመበታተን አንድ ላይ መላኩ ይሻላል።

ለመላክ ስትሄዱም ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «ይህን ያህል ዲርሃም ብሰጥህ፣ ሁሉም ተቆርጦ እዚያ ስንት ብር ይገባል?» ሁለተኛ፣ «ምንዛሪው አሁን ይቆረጣል ወይስ እዚያ ሲደርስ?» በዶላር ወደ ባንክ ሒሳብ ከተላከ አገር ቤት ያለው ባንክ በደረሰበት ቀን ዋጋ ሊቀይረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዛሬ ያያችሁት ቁጥር ዋስትና የለውም። የመንገድ ሐዋላው ከሁሉም የሚበልጥ ቁጥር ሊጠራላችሁ ይችላል። ገንዘቡ ቢጠፋ ግን በእጃችሁ ደረሰኝ የለም፤ የምትከሱትም ሰው የለም።

ክፍላችን ውስጥ ግራፉ አሁንም ይከፈታል። እኔም አያለሁ፣ ልማድ ነውና። ጥያቄዬ ግን ተቀይሯል። መጀመሪያ እህቴ ጋ ደውዬ «ኪራዩ መቼ ነው?» እላለሁ።