ተራራ ላይ ይሉኝታ የለም

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ለመሄድ የሚሰባሰበው ቡድን ብዙውን ጊዜ የተደባለቀ ነው። ከቢሮ ወንበሩ የማይነሳ አባት አለ፣ በየማለዳው ሰፈሯን በእግር የምትዞር እናት አለች፣ ለእረፍት ከዱባይ የመጣች አክስት አለች፣ ኳስ ሲያሳድድ የሚውል የ16 ዓመት ልጅ አለ። ከጉዞው በፊት ሁሉም የሚያነሳው ጥያቄ «አባባ ይችሉታል ወይ?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ይዤ ስወጣ ግን መጀመሪያ ዓይኔን የምጥለው ልጁና አክስቲቱ ላይ ነው። ምክንያቱን ላስረዳችሁ፤ ብትችሉም ደባርቅ በምታድሩበት ምሽት ይህን ጽሑፍ ለቡድኑ በሙሉ አንብቡላቸው።

አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባሕር ዳርቻም ሆነ ተራራ ጫፍ ላይ አንድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በዚህም የተነሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ የምናገኘው በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህሉን ነው። 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የጨነቅ ካምፕ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ 4,430 ሜትር ከፍታ ባለው የቧሂት ጫፍ ላይ ደግሞ 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰውነት ይህን ይለምደዋል፤ የሚለምደው ግን በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም። የሰለጠነ ጡንቻም ይህን አያፋጥነውም። ኳስ ተጫዋቹ ልጅ ከአባቱ የሚለየው ቶሎ ከፍ ብሎ በመድረሱና በመንገዱ ላይ ራሱን አብዝቶ በማድከሙ ነው፤ ሁለቱም ለከፍታ ሕመም የሚያጋልጡ ናቸው። አክስቲቱ ደግሞ የምትኖረው ባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ አዲስ አበቤዎች ሳናውቀው ግማሹን መንገድ ለምደን እንነሳለን፤ እሷ ያ የላትም። ስለዚህ ወደ ጎንደር ከመብረሯ በፊት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ትደር።

ከ3,000 ሜትር በላይ ዋናው ቁም ነገር የምታድሩበት ቦታ ነው። ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው የማደሪያው ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም፤ ቀን ላይ ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር ግን ይቻላል። ለእኛ ቡድን የሚመቸው አካሄድ ይህን ይመስላል። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ። ሁለተኛውን ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር። ሦስተኛውን ግጭ፣ 3,600 ሜትር። በአራተኛው ቀን እሜት ጎጎን አይቶ ጨነቅ ማደር፤ እሜት ጎጎ 3,900 ሜትር ቢያልፍም የሚታደረው ከግጭ ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ቧሂትን በአምስተኛው ቀን ወጥቶ ያንኑ ቀን መውረድ። ፈተናው መንገዱ ነው፤ መኪና ከደባርቅ ተነስቶ በዚያው ቀን ጨነቅ ያደርሳል። «ጊዜ እናትርፍ» የሚል ሰው ከቡድኑ አይጠፋም። በአንድ ቀን ከደባርቅ ጨነቅ ገብቶ እዚያው ያደረ ሰው ግን ማታ ራሱን ሲያመው ሊገረም አይገባም።

የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፍታው ላይ ከተደረሰ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያም ማለት መንገድ ላይ ሳይሆን ራት ላይ ወይም ሌሊት ማለት ነው። ራስ ምታት ይመጣል፤ ከእሱም ጋር የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ወይም ከመንገዱ ጋር የማይመጣጠን ድካም ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታችን የሚጎዳን። አክስቲቱ «በእኔ ምክንያት ጉዞው እንዳይበላሽ» ብላ ዝም ትላለች፤ ልጁ በእኩዮቹ ፊት መድከሙን ላለማሳየት ይስቃል፤ አባት «ትንሽ ብርድ መታኝ» ብለው ይተኛሉ። ስለዚህ የቡድኑ መሪ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ብሎ በጅምላ አይጠይቅ። መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠጋ ብሎ ይጠይቅ፤ ራስዎን ያምዎታል? ራት ምን ያህል በሉ? ትናንት ሌሊት እንዴት አደሩ? ዛሬ ስንቴ ሸኑ? የመጨረሻው ጥያቄ ያስቃል፤ ነገር ግን ውኃ በቂ መጠጣቱን የሚናገረው እሱ ነው።

ሁለት የእኛ አገር ነገሮች ምልክቱን ይሸፍኑታል። አንደኛው ጾም ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ይጀምራል፤ ለተራራ ጉዞ ከሚመቹት ወራት ጋር ይገጥማል። የጿሚ አለመብላት የተለመደ ስለሆነ የምግብ ፍላጎት ማጣቱን ማንም ልብ አይለውም። ለመጾም የወሰነ ሰው አስቀድሞ ለመሪው ይንገር፤ እህል ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዳገት መውጣቱ የሚቻል ከሆነም ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ሁለተኛው ቡና ነው። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ራሱን ያመዋል፤ ይህንንም ከከፍታው ሕመም መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ቡናችሁን አታቋርጡ። አረቄና የእንቅልፍ ክኒን ግን ሌሊት ትንፋሽን ስለሚያደክሙ ይቅሩ።

ራሱን ያመመው ሰው ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍ፣ ማስታገሻ ይውሰድ። ተሽሎት ካደረ ይቀጥላል። ካልተሻለው በዚያው ከፍታ አንድ ቀን ይቆያል፤ ከባሰበት ይወርዳል። ሕመሙ እያለ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ዳያሞክስ የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ከፍታውን ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል፤ ሰልፋ ለሚያስቆጣቸው ሰዎች ስለማይሆን ግን ከጉዞው በፊት ሐኪም ይዘዘው። ነፍሰ ጡርና የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውም ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሌሊትም ቢሆን ከቡድኑ ሁሉ ቅስቀሳ የሚጠይቁ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንዱ ሚዛን ማጣት ነው። የተጠራጠራችሁትን ሰው መሬት ላይ በተሰመረ መስመር የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ እንዲራመድ አድርጉት። እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ አንጎሉ ማበጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሌላው ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረውና የሚያስል ሰው ነው፤ እሱ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም መፍትሔው ያለመዘግየት መውረድ ነው። ጨነቅ ላይ ከሆናችሁ መኪና ወደ ደባርቅ ያወርዳችኋል። ግጭ ግን ከመኪና መንገዱ የራቀ ነው፤ መውጫው በበቅሎ ወይም በእግር ነው። ስለዚህ ግጭ ላይ የራት ጥያቄው ወደ ከሰዓት ይምጣና ከጨለማ በፊት ይወሰን። ለመቀመጫ የሚሆን አንድ ትርፍ በቅሎ ከነባለቤቱ መከራየትም ቅንጦት አይደለም። የሚወርደውን ሰው ምንጊዜም ሌላ ሰው ይሸኘው።

ወደ አካሄዱ እንምጣ። ልኩ ቀላል ነው፤ እየተራመዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ከአስጎብኚው ቀጥሎ የሚራመደው የቡድኑ ዘገምተኛ ሰው ይሁን፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይቁም፤ ከእሱ ኋላ ማንም አይቅር። ይህ ካልሆነ የሚፈጠረውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ፈጣኖቹ ቀድመው ይወጣሉ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አሥራ አምስት ደቂቃ ያርፋሉ፤ ዘገምተኞቹ እያለከለኩ ሲደርሱ «እንሂድ» ተብሎ ይነሳል። እረፍት በጣም የሚያስፈልገው ሰው እረፍት ሳያገኝ ይውላል። እረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ለፈጣኑ ልጅ ደግሞ ሥራ ስጡት፤ የአክስቱን ቦርሳ ይሸከም።

ስሜን ላይ ጠዋቱ ብሩህ ሆኖ ሳለ ከቀትር በኋላ ጭጋግ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ጫፉን ይሸፍነዋል። ብርዱም በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል፤ ደባርቅ ላይ 18 ዲግሪ ከሆነ ቧሂት ላይ 8 ገደማ ይሆናል፣ ያውም ነፋሱን ሳንቆጥር። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፤ ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ለዚህ ቦታ አይሆኑም። ጋቢም ለካምፑ ምሽት እንጂ ለዝናብ አይደለም። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ከውስጥ፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ከላይ፣ ደረቅ ካልሲ በፌስታል ተጠቅልሎ። የበረደው ሰው መንቀጥቀጡ ቆሞ መደነቃቀፍና መንተባተብ ከጀመረ ተሻለው ማለት አይደለም፤ ብሶበታል። እርጥብ ልብሱ ወልቆ በደረቅ ተጠቅልሎ ከነፋስ ይከለል፤ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ሻይ ይጠጣ። ጭጋግ ሲወርድ ከገደሉ ጠርዝ ራቁና ቆማችሁ ጠብቁ፤ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጫፉን ትታችሁ ውረዱ።

የቧሂቱን ቀን በሰዓት እንመልከተው። ከጨነቅ እስከ ጫፉ ያለው ዳገት 800 ሜትር ያህል ነው። የተደባለቀ ቡድን በሰዓት ከ250 ሜትር በላይ ከፍታ ባይጨምር ይሻለዋል፤ ይህም ከእረፍቱ ጋር አራት ሰዓት ግድም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ 4 ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ትሆናላችሁ። የመመለሻ ሰዓቱ 5 ሰዓት ይሁንና ጨነቅ ላይ ማታውኑ ይነገር። 5 ሰዓት ሲሆን የት እንዳላችሁ አይታይም፤ ጫፉ ከፊታችሁ ቢታይም ትመለሳላችሁ። ለቁልቁለቱ ጉልበት አስቀሩ፤ የደከመ እግር የሚሰናከለው ሲወርድ ነው። መሄድ የማይፈልጉት አባት ጨነቅ ቀርተው ጭላዳዎቹን ሲመለከቱ፣ ዕድል ከቀናቸውም ዋልያ ሲያዩ ይውላሉ። መኪናውና ሾፌሩ ግን ቡድኑ እስኪመለስ ከካምፑ አይንቀሳቀሱ።